የዩኒቨርሲቲውን የጤና ኢንሹራንስ በራሳችሁ ኢንሹራንስ ለመተካት ካሰባችሁ፦ ዌቨር ደረጃ በደረጃ

አሜሪካ ለትምህርት ሄዳችሁ የመጀመሪያው የሴሚስተር ሂሳብ ሲወጣ፣ ከትምህርት ክፍያው ሥር ያልጠበቃችሁት መስመር ታያላችሁ። የጤና ኢንሹራንስ ይላል። ማንም አልጠየቃችሁም፣ የፈረማችሁት ነገርም የለም፣ ግን ሂሳባችሁ ላይ ገብቷል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሄ ክፍያ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ያኔ ተማሪው ምን ያደርጋል? ከጓደኛ ይጠይቃል፣ ኢንተርኔት ላይ ርካሽ ኢንሹራንስ ይፈልጋል፣ ይገዛል፣ ከዚያ ለዩኒቨርሲቲው «የራሴ አለኝ፣ የእናንተን አንሱልኝ» ብሎ ያመለክታል። ይህ ማመልከቻ ነው ዌቨር የሚባለው።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ገዝቶ ከዚያ የሚያመለክት ተማሪ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይደረግበታል፣ ሁለት ኢንሹራንስም ሲከፍል ይገኛል። መሆን ያለበት የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ይነበባል፣ ከዚያ ኢንሹራንሱ በዝርዝሩ ይመዘናል፣ መጨረሻ ላይ ነው ገንዘብ የሚወጣው።

ግዴታው የማነው? የመንግሥት ወይስ የትምህርት ቤቱ?

ይሄ በቪዛችሁ ይለያያል። በተለመደው የተማሪ ቪዛ፣ በኤፍ-1፣ ከሆናችሁ ኢንሹራንስ ያዙ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም። ግዴታውን የሚያወጣው ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ አንዱ ዩኒቨርሲቲ አጥብቆ ይጠይቃል፣ ሌላው ኮሌጅ ምንም ላይጠይቅ ይችላል። ሌላ ከተማ የሚማር ጓደኛችሁ የነገራችሁ ነገር እናንተ ጋ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

በልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ፣ በጄ-1፣ ከሆናችሁ ግን ሕጉ የፌዴራል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚሠራባቸው ዝቅተኛ መጠኖች እነዚህ ናቸው፦ ለእያንዳንዱ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር የሕክምና ሽፋን፣ ሕይወት ካለፈ አስከሬን ወደ አገር ለመመለስ 25,000 ዶላር፣ በሕክምና ምክንያት ታማሚውን ወደ አገሩ ለማጓጓዝ 50,000 ዶላር፣ እንዲሁም ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው፣ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ከ500 ዶላር ያልበለጠ። አብረዋችሁ በጄ-2 የመጡ ባል፣ ሚስት ወይም ልጆችም ይሄው ይመለከታቸዋል። አውቆ ኢንሹራንስ ሳይዝ የሚቀመጥ የጄ-1 ተማሪ ፕሮግራሙ ይቋረጥበታል፤ ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው ስፖንሰር በዚህ ላይ ምርጫ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የጄ-1ን መስፈርት ያሟላል» ተብሎ የተሸጠ ኢንሹራንስ የዩኒቨርሲቲውን ዌቨር ያልፋል ማለት አይደለም። የመንግሥቱ መስፈርት ወለሉ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከዚያ በላይ መጠየቅ ይችላል፣ አብዛኛውም ይጠይቃል። ሻጩ ድረ ገጽ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ለጄ-1 እና ለኤፍ-1 ተስማሚ» የሚለው ቃል ለዌቨር ቢሮው ምንም ማስረጃ አይሆንም።

አንደኛ፦ ዝርዝሩን አግኙ

የዌቨር መስፈርቱ ብዙ ጊዜ በተማሪዎች ጤና አገልግሎት ወይም በዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ገጽ ላይ ይገኛል። ማመልከቻውን የሚያስተናግደው ደግሞ አንዳንዴ ዩኒቨርሲቲው የቀጠረው ሌላ ድርጅት ነው፤ ሊንኩ ወደ ሌላ ድረ ገጽ ቢወስዳችሁ አትደንግጡ፣ ግን ሊንኩን ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ብቻ ክፈቱ።

ገጹን ስታገኙ የአሜሪካውያን ተማሪዎችና የውጭ ተማሪዎች ዝርዝር የተለያየ መሆኑን ተመልከቱ። ለአሜሪካውያኑ ቀላል የሆነው ለእናንተ ዝግ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ለውጭ ተማሪ ዌቨር ጭራሽ አይሰጥም። ሌላው የሚሰጠው ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የትዳር ጓደኛው ወይም ወላጁ አሜሪካ ውስጥ ሠርቶ በአሠሪው በኩል ኢንሹራንስ ላለው፣ ወይም መንግሥት ወይም ኤምባሲ ስፖንሰር ላደረገው። በግል የተገዛ ኢንሹራንስን አይቀበልም ተብሎ ከተጻፈ ፍለጋውን እዚያው አቁሙት። የሚሻለው ኢንሹራንስ የቱ ነው የሚለው ጥያቄ አብቅቷል ማለት ነው።

ከዝርዝሩ ጋር አብራችሁ የምትይዙት የመጨረሻ ቀኑን ነው። የትምህርት ዓመቱ የመጀመሪያ ሴሚስተር ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ትምህርት ሊጀመር ሲል ወይም እንደተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይዘጋል። ካለፈ አለፈ። የፈለገ ጥሩ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁ ክፍያው ይጸናል፣ ይህን ውሳኔ የሚያስቀይር ሰውም ብዙም አይገኝም።

ሁለተኛ፦ ኢንሹራንሱን በዝርዝሩ መዝኑት

የማስታወቂያ ብሮሹሩን አታንብቡ። ሙሉውን የውል ሰነድ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው አጭር ማጠቃለያ Summary of Benefits and Coverage ይባላል፤ ብዙ የዌቨር ፎርሞች እሱን ስቀሉ ይላሉ። ዋናው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያለው በውሉ የኋላ ገጾች ላይ፣ የማይሸፈኑ ነገሮች በተዘረዘሩበት ክፍል ነው።

እዚያ መጀመሪያ የምትፈልጉት ከውሉ በፊት ስለነበረ ሕመም የሚለውን ነው። አስም፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ችግር፣ ቀድሞ የታከማችሁት ድብርት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። የጉዞ ኢንሹራንሶችና ርካሾቹ የተማሪ ፕላኖች ወይ ጨርሶ አይሸፍኑትም፣ ወይ ለወራት ያስጠብቃሉ። የጄ-1 ሕግ ምክንያታዊ የሆነ የጥበቃ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን እንዲሸፈን ይጠይቃል። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለው የውስጥ ጣሪያ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ 100,000 ወይም 500,000 ዶላር ይላል። ውስጥ ስትገቡ ግን ለአንድ ሌሊት የሆስፒታል አልጋ ይህን ያህል፣ ለቀዶ ሕክምና ይህን ያህል፣ ለሥነ ልቦና ሕክምና በዓመት ይህን ያህል ጉብኝት ብቻ እያለ ይቆራርጠዋል። በትልቁ የተጻፈው ቁጥር በእነዚህ ትንንሽ ቁጥሮች ምክንያት ፈጽሞ ላይደረስበት ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎች የአእምሮ ጤናና የእርግዝና ሽፋን እንደማንኛውም ሕመም መሆኑን ለይተው የሚጠይቁትም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ኔትወርክ ነው። ኢንሹራንሱ ውል ያሰራቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ማለት ነው። በትዳር ጓደኛችሁ በኩል ያለ በጣም ጥሩ ኢንሹራንስ ሊኖራችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ሐኪሞቹ በሙሉ ሌላ ግዛት ውስጥ ከሆኑና በእናንተ ከተማ የሚሸፍነው ድንገተኛ ሕክምና ብቻ ከሆነ፣ ዌቨሩ አይሰጥም። ተገቢም ነው፣ ምክንያቱም ለጉንፋንም ለምርመራም አውሮፕላን አትሳፈሩም። በኢንሹራንሱ ድረ ገጽ ላይ የካምፓሳችሁን ፖስታ ኮድ አስገብታችሁ ሐኪም ፈልጉ፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩንም አረጋግጡ።

የቀሩት ቶሎ የሚታዩ ናቸው። ሽፋኑ ዩኒቨርሲቲው በጻፈው ቀን ይጀምራል? በጻፈው ቀንስ ያልቃል? አንድ ቀን ቢጎድል ይወድቃል። ክፍያ የሚያስተናግድ አድራሻና ስልክ አሜሪካ ውስጥ አለው? ሰነዱ በእንግሊዝኛ፣ መጠኑ በዶላር ነው? «መጀመሪያ ራስህ ክፈል፣ ከዚያ ደረሰኝ ላክ» የሚል ኢንሹራንስን ብዙ ዩኒቨርሲቲ አይቀበልም። ከአገር ቤት የሚገዛ የጉዞ ኢንሹራንስ የሚወድቀው በአብዛኛው በእነዚህ ነው።

ርካሹ በእውነት ርካሽ ነው? እስቲ እናስላው

አንድ ተማሪ ሁለት ምርጫ አለው እንበል። ቁጥሮቹን እኔ ለስሌቱ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ አሠራሩ ግን ትክክለኛው ነው። የዩኒቨርሲቲው ፕላን በዓመት 3,200 ዶላር ነው። ዲዳክቲብሉ 300 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪው 20 በመቶ፣ ኢንሹራንሱ 80 በመቶ ይከፍላሉ። ተማሪው በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው ከ5,000 ዶላር አይበልጥም። ሌላው የግል ፕላን 1,100 ዶላር ነው፣ ዲዳክቲብሉ 500 ዶላር፣ የመጀመሪያው ገጹ ላይ 100,000 ዶላር ይላል። 2,100 ዶላር ልዩነት አለው። ለተማሪ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ተማሪው በጥቅምት ትርፍ አንጀት ያመዋል። ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፣ ሁለት ሌሊት ያድራል። ሂሳቡ 20,000 ዶላር ይመጣል እንበል፦ ለድንገተኛ ክፍልና ምርመራ 5,000፣ ለቀዶ ሐኪምና ለሰመመን 5,000፣ ለሆስፒታሉ 10,000።

በዩኒቨርሲቲው ፕላን መጀመሪያ 300 ይከፍላል። ከቀረው 19,700 ደግሞ 20 በመቶው 3,940 ነው። ድምሩ 4,240 ዶላር ይሆናል። ከዓመቱ ክፍያ ጋር 7,440።

የግሉ ፕላን ግን የውስጥ ጣሪያ አለው። ለድንገተኛ ክፍልና ምርመራ እስከ 1,000፣ ለቀዶ ሕክምና እስከ 3,000፣ ለሆስፒታል በሌሊት እስከ 1,500፣ ለሁለት ሌሊት 3,000 ማለት ነው። ድምሩ 7,000፣ ከዚያ ላይ 500 ዲዳክቲብል ሲቀነስ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው 6,500 ብቻ ነው። ቀሪው 13,500 ዶላር የተማሪው ነው። ከዓመቱ ክፍያ ጋር 14,600። 2,100 ለማትረፍ የተደረገው ነገር ከ7,000 ዶላር በላይ አስወጣ። የዓመቱ የኪስ ወጪ ጣሪያም በግሉ ፕላን ውስጥ የለም፤ ሂሳቡ 80,000 ቢሆን ኖሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ 5,000 ላይ ይቆም ነበር፣ ይሄኛው ግን አይቆምም።

እርግጥ ዓመቱን ሙሉ ካልታመመ 2,100 ዶላሩ ይተርፈዋል። ስለዚህ የግሉን ከመረጣችሁ አንድ ትልቅ ሕመምን እንዲህ ቁጭ ብላችሁ አስሉትና ከዚያ ወስኑ። የትዳር ጓደኛ በአሠሪው በኩል የሚያገኘው ኢንሹራንስ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት የውስጥ ጣሪያ የለውም፤ ዌቨር በእውነት የሚያዋጣው እዚያ ነው።

ሦስተኛ፦ ማመልከቻውን አስገቡ፣ ከዚያ ተከታተሉ

ፎርሙ ላይ Enroll እና Waive የሚሉ ምርጫዎች ይኖራሉ። Waive ስትሉ የኢንሹራንስ ኩባንያውን ስም፣ የአባልነት ቁጥር፣ የግሩፕ ቁጥር ካለ እሱን ትሞላላችሁ። የካርዱን ሁለቱንም ገጽታ ፎቶ፣ የሽፋኑን ማጠቃለያ፣ አንዳንዴም ከኢንሹራንሱ የተጻፈ ደብዳቤ ትሰቅላላችሁ። ደብዳቤው የእናንተን ስም ራሱን መያዝ አለበት። የባላችሁ ወይም የሚስታችሁ ስም ብቻ ያለበት ካርድ እናንተ መሸፈናችሁን አያሳይም። ስማችሁም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን፤ የአያት ስም አንዱ ጋ ገብቶ ሌላው ጋ ቢቀር ማረጋገጫው ሊሰናከል ይችላል።

ማስገባት መጽደቅ አይደለም። Pending እያለ ክፍያው ሂሳባችሁ ላይ እንዳለ ይቆያል። የክፍያው ቀን ዌቨሩ ሳይጸድቅ ከደረሰ፣ የኢንሹራንሱን ክፍያ ማቆየት ይቻል እንደሆነ የተማሪ ሂሳብ ቢሮውን በኢሜይል ጠይቁ። በቃል ሳይሆን በኢሜይል። ካልከፈላችሁ የቅጣት ክፍያ ሊመጣ ይችላል፣ ለቀጣዩ ሴሚስተር ምዝገባም ሊታገድባችሁ ይችላል።

Denied ቢል ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሰነድ ጉድለት ነው፣ ለምሳሌ ቀኑ አይታይም ወይም ዲዳክቲብሉ አልተጻፈም። ይሄ በአንድ ደብዳቤ ይስተካከላል፤ ለኢንሹራንሱ ስትጽፉ የዩኒቨርሲቲውን ዝርዝር አያይዙና እያንዳንዱን ነጥብ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ጠይቁ። ሁለተኛው የሽፋን ጉድለት ነው። ውሉ ራሱ የሚጎድለው ነገር ካለ ይግባኝ አይለውጠውም። የይግባኝ ጊዜውም አጭር ነው፣ ስለዚህ በዚያው ሳምንት ተንቀሳቀሱ።

የግል ኢንሹራንስ የምትገዙ ከሆነ ዌቨሩ ካልጸደቀ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩ። ብዙዎቹ ሽፋኑ ከጀመረ ወይም አንድ ጊዜ ከተጠቀማችሁበት በኋላ አይመልሱም። ዌቨሩ ከጸደቀ በኋላ ኢንሹራንሱን ሰርዞ ያለ ሽፋን መቀመጥ ደግሞ አይሞከር። ዩኒቨርሲቲዎች በመሀል ሊያጣሩ ይችላሉ፣ ክፍያው ተመልሶ ሊጫን ይችላል፣ በጄ-1 ከሆናችሁ ደግሞ ፕሮግራሙን የሚያስቋርጥ ጉዳይ ነው። ዌቨር በየዓመቱ፣ አንዳንድ ቦታ በየሴሚስተሩ ይታደሳል። አምና ጸድቆልኛል ማለት ለዘንድሮ አይሠራም።

የዩኒቨርሲቲው ፕላን ምን ይሸፍናል?

ከኢንሹራንስ ኩባንያ የሚገዙት የዩኒቨርሲቲ ፕላኖች በአሜሪካው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ሥር ናቸው። ስለዚህ የቀድሞ ሕመምን አያገሉም፤ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ላይም የዓመት የዶላር ጣሪያ አያስቀምጡም። ሐኪም ማየት፣ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ላቦራቶሪ፣ የአእምሮ ጤና፣ እርግዝናና ወሊድ ይገባሉ። ክትባትና መሰል የመከላከያ አገልግሎቶች በኔትወርኩ ውስጥ ያለ ክፍያ ናቸው። ለአዋቂ የጥርስ ሕክምናና መነጽር ግን ብዙ ጊዜ የለም፣ ለብቻ ይገዛል።

አጠቃቀሙ ላይ የሚጎዳው ነገር ሐኪም ማየት ያለባችሁ የት እንደሆነ አለማወቅ ነው። አንዳንድ ፕላን ውጭ ስፔሻሊስት ከማየታችሁ በፊት ከካምፓስ ክሊኒክ ሪፈራል ይፈልጋል፤ ያለ ሪፈራል ከሄዳችሁ ድርሻችሁ ይጨምራል። ለሕይወት የማያሰጋ ነገር ሲሆን ክሊኒኩ ከተዘጋ የምትሄዱት ኧርጀንት ኬር ወደሚባለው ያለ ቀጠሮ የሚያክም ክሊኒክ እንጂ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አይደለም፤ የዋጋው ልዩነት ሰፊ ነው። የደረት ሕመም፣ የመተንፈስ ችግር፣ ብዙ ደም መፍሰስ ከሆነ ግን ስለ ኔትወርክ አታስቡ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለድንገተኛ ሕክምና ከኔትወርክ ውጭ ያለ ሆስፒታልም ከመደበኛው ድርሻችሁ በላይ እንዳያስከፍል በሕግ ተከልክሏል። ይሄ ሕግ የመሬት አምቡላንስን አይጨምርም፣ ስለዚህ የአምቡላንስ ሂሳብ ለብቻው ሊመጣ ይችላል።

ከታከማችሁ በኋላ ከኢንሹራንሱ የሚመጣ ወረቀት ላይ This is not a bill ተብሎ ከተጻፈ አትክፈሉ። የሆስፒታሉ ሂሳብ እስኪመጣ ጠብቁና «የእናንተ ድርሻ» የሚለው ቁጥር በሁለቱ ላይ አንድ መሆኑን አስተያዩ። ሆስፒታሉ የበለጠ ከጠየቀ መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ ደውሉ። ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉ የኢንሹራንስ ቁጥሩን ሳያስገባ የላከው ነው።

በመሀል ነገሮች ሲለወጡ

ብዙ የዩኒቨርሲቲ ፕላኖች ሽፋኑ እንዲጸና የመጀመሪያዎቹን 31 ቀናት ትምህርት ላይ መገኘትን ይጠይቃሉ። ከዚያ በፊት ካቋረጣችሁ ሽፋኑ ከመነሻው ሊሰረዝ ይችላል፤ በሕመም ምክንያት ማቋረጥ አንዳንዴ ይለያል፣ ስለዚህ ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ዌቨር ወስዳችሁ በመሀል ኢንሹራንሱን ካጣችሁ፣ ለምሳሌ የትዳር ጓደኛችሁ ሥራ ከለቀቀ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ፕላን ብዙ ጊዜ መግባት ትችላላችሁ። ሽፋኑ መቋረጡን የሚያሳይ ደብዳቤ ይጠየቃል፣ ቀኑም የተገደበ ነው። ሕጋዊ የኤፍ-1 ወይም የጄ-1 ተማሪ ከመንግሥቱ የኢንሹራንስ ገበያም መግዛት ይችላል፤ ሽፋን ካጣችሁ በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለባችሁ። ተመርቃችሁ ኦፒቲ በሚባለው የተማሪ የሥራ ፈቃድ ሥራ የምትጀምሩም የፕላናችሁን የመጨረሻ ቀን አሁኑኑ እዩ። በብዙ ቦታ ነሐሴ ውስጥ ያልቃል፣ የአሠሪው ሽፋን ደግሞ ሥራ በጀመራችሁ በመጀመሪያው ቀን ላይጀምር ይችላል።